«ላሽ» ያለው ሹፌር

አዲስ አበባ ውስጥ ዝግጅት የሚያሰናዳ አንድ ቡድን አለ እንበል። የሳምንቱን የቴሌግራም መልእክቶች አጽድቶ ለአዲስ ባልደረባ ሊያስረክብ ይፈልጋል። ሦስቱ እንዲህ ይላሉ፦

«ጀለሶች፣ ነፍ ወንበር ም/ቤቱ ጋ ቀርቷል። እስቲ አንድ ሰው ያምጣልን 🙏»
«👍»
«ሹፌሩ ላሽ ብሏል 😂 ነገ 3 ላይ እኔ አመጣዋለሁ»

ብዙ ጸሐፊ የመጀመሪያውን «በርካታ ወንበሮች በምክር ቤቱ የቀሩ በመሆኑ እንዲመጡ እንዲደረግ በአክብሮት እንጠይቃለን» ብሎ ይለውጠዋል። የአራዳ ቃሉ ጠፋ፣ ሰውየውም አብሮ ጠፋ። ደረቅ ያደረገው «እንዲደረግ» የሚለው ባለቤት አልባ ግስና «እስቲ»ን መሰረዙ ነው። «እስቲ» የአራዳ ቃል አይደለም፤ ጥያቄን የሚያለዝብ የአማርኛ ቃል ነው። ስለዚህ «ልጆች፣ ብዙ ወንበር ምክር ቤቱ አዳራሽ ቀርቷል። እስቲ አንድ ሰው ያምጣልን» ቢባል ይበቃል። 🙏 የያዘውን ልመና «እስቲ» ተሸክሞታል።

አሕጽሮት ግን በግምት አይፈታም። «ም/ቤት» ምክር ቤትም ምግብ ቤትም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ከላይ ያለው ውይይት ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው መልእክቶቹን በሙሉ ከማንበብ ነው።

👍ስ? በ2023 እ.ኤ.አ. በካናዳ ሳስካችዋን አንድ ፍርድ ቤት፣ ገበሬው በስልኩ ለደረሰው የተልባ ሽያጭ ውል የመለሰውን 👍 እንደ ፊርማ ቆጥሮ ከ82 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈርዶበታል። ምልክቷ ውሳኔ ልትሆን ስለምትችል ዝም ብላ አትሰረዝም። ላኪው ኃላፊነቱን ወስዶ ከሆነ «እሺ፣ አመጣለሁ» ይጻፋል፤ ማየቱን ብቻ ከገለጸ «አይቻለሁ»።

ሦስተኛው ይበልጥ ስስ ነው። «ላሽ ማለት» ሹልክ ብሎ መሄድ ነው፤ 😂 ደግሞ ነገሩ ቀልድ መሆኑን ይናገራል። ምልክቱን አንስቶ «ሹፌሩ ሳይነግረን ጠፋ» ብሎ መጻፍ በሰው ላይ ክስ ማስፈር ነው። «ሹፌሩ ሄዷል» ሲባል እውነቱም ቃናውም ይተርፋል።

መልእክቱ በመቶ የሚቆጠር ሲሆን ቃላቱን በአንድ ትእዛዝ መተካት ያጓጓል። ግን «ነፍ»ን ሁሉ በ«ብዙ» የተካ ሰው «ነፍሰ ጡር»ን «ብዙሰ ጡር» አድርጎ ያገኛታል። እያንዳንዱን ግጥሚያ እያዩ መቀየር ይሻላል። በመጨረሻ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጎ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው፦ ማን፣ ምን፣ መቼ እንዳለ ሁለቱም አንድ መልስ ይስጡ።

«ነገ 3 ላይ» እዚህ ላይ ይይዛል። ከጠዋቱ 3 ነው ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ? ከጽሑፉ አይታወቅም፤ አጽጂው ለላኪው ደውሎ ይጠይቃል።