ጥቁሩ ሽብልቅ፦ ከአደጋ በኋላ አልትራሳውንድ ሆድ ውስጥ የሚያየውና የሚያልፈው

ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በሚጀምርበት አካባቢ፣ ግጭት በተፈጠረ ቁጥር አንድ ወሬ ከታክሲ ታክሲ ይዞራል። «አልትራሳውንድ አንስተውት ደም የለም ብለው ሸኙት፤ ሌሊቱን ሞተ። ማሽኑ ዋሽቷል።» የዚህ ተቃራኒም አለ፦ «ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነገር ታየ፣ በቃ አለቀለት።» ሁለቱንም ስሰማ ትዕግስቴ ያልቃል። ሁለቱም ማሽኑ የተሰነጠቀውን ጉበት ወይም የተቀደደውን ጣፊያ በቀጥታ ያሳያል ከሚል ግምት የተነሱ ናቸውና።

ፋስት የሚባለው የድንገተኛ አልትራሳውንድ ምርመራ ዋና ሥራው ቁስል መፈለግ አይደለም። የሚጠይቀው አንድ ጠባብ ጥያቄ ነው፦ መኖር በሌለበት ቦታ ፈሳሽ አለ ወይስ የለም? ምርመራው አራት ቦታ ያያል፤ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ጉበትና ኩላሊት የሚገናኙበትን፣ በግራ ጣፊያ ያለበትን፣ ከእምብርት በታች የሽንት ፊኛውን ዙሪያ፣ እንዲሁም በልብ ዙሪያ ያለውን ከረጢት። የለመደ እጅ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። የልቡን ለሌላ ጊዜ ትቼ ስለ ሆዱ ልናገር።

መሠረታዊውን ነገር ቶሎ ልለፈው። ፕሮቡ የድምፅ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ አካል ነክቶ ሲመለስ ስክሪኑ ላይ ብርሃን ይሆናል። ድያፍራምና አጥንት ብዙ ስለሚመልሱ ነጭ ናቸው፤ ጉበት መጠነኛ ስለሚመልስ ግራጫ ነው። ያልረጋ ደም ደግሞ እንደ ውሃና እንደ ሽንት ሁሉ ሞገዱን አሳልፎ ይሰጣል እንጂ አይመልስም፤ ስለዚህ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ይህን ያህል ይበቃናል።

ዋናው ጉዳይ ጥቁር መታየቱ አይደለም። ጤነኛ ሆድ ውስጥም ጥቁር ሞልቷል፤ የሐሞት ከረጢቱ ጥቁር ነው፣ የሞላ ፊኛ ጥቁር ነው፣ ትልልቆቹ የደም ሥሮችም ጥቁር ናቸው። ልዩነቱ ቅርጹ ላይ ነው። የራሱ ግድግዳ ያለው ፈሳሽ ግድግዳውን ከውስጥ እየገፋ ስለሚወጥረው ጠርዙ ክብ ወይም ሞላላ ይሆናል። ከደም ሥሩ አምልጦ የፈሰሰ ደም ግን ግድግዳ የለውም፤ ቅርጹን የሚሰጡት ጎረቤቶቹ ናቸው። መጋዘን ውስጥ ተጠጋግተው በተደረደሩ ጆንያዎች መካከል የገባ ውሃን አስቡ፤ ጆንያዎቹ ጎናቸው ክብ ስለሆነ በመካከላቸው የቀረው ክፍተት ጫፉ እየሾለ ይሄዳል፣ ውሃውም ያንኑ ሹል ቅርጽ ይይዛል። ስክሪኑ ላይ የምንፈልገው ይህንን ነው፤ በሁለት ግራጫ አካላት መካከል የተሰነቀረ፣ ጫፉ የሾለ ጥቁር ሽብልቅ። ጠርዙ ክብ የሆነ ጥቁር ያየ ባለሙያ ፕሮቡን ቀስ ብሎ ያዞርና ጥቁሩ ወዴት እንደሚቀጥል ይከተለዋል። ወደ ቱቦነት ከተለወጠ የደም ሥር ነው፣ በወፍራም ግድግዳ ከተዘጋ ከረጢት ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ፦ ደሙ ወዴት ይሄዳል? በጀርባው የተኛ ሰው ሆድ ለጥ ያለ ሜዳ አይደለም። የወገብ አከርካሪ መሐል ላይ ጉብ ብሎ ይነሳል፣ ከዚያ ወደ ላይም ወደ ታችም ይወርዳል። ስለዚህ ሁለት ዝቅተኛ ቦታዎች አሉ። አንዱ ከዳሌ ውስጥ፣ ከፊኛው ጀርባ ያለው ነው። ሌላው በላይኛው ሆድ፣ ከጉበት በታችና ከቀኝ ኩላሊት ፊት ለፊት ያለው ስንጥቅ ሲሆን በእንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም በሞሪሰን ስም ይጠራል። በቀኝ በኩል ከትልቁ አንጀት ውጭ የሚሄድ ቦይ እነዚህን ሁለቱን ያገናኛል፤ ደሙ ከታች ሞልቶ ወደ ላይ፣ ከላይ ሞልቶ ወደ ታች ያለ ችግር ይፈስሳል።

በግራ በኩል ነገሩ ይለያል። ከጣፊያው ሥር፣ አንጀቱን ከድያፍራም ጋር የሚያያይዝ ጅማት ቦዩን ከላይ በኩል ይገድበዋል። ከጣፊያ የሚፈስ ደም ወደ ታች ለመውረድ ስለሚከለከል መጀመሪያ ከጣፊያው በላይ፣ በድያፍራሙ ሥር ይጠራቀማል፤ ሲበዛ ደግሞ መሐሉን ተሻግሮ ወደ ቀኙ ይሄዳል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቀኝ በኩል ጉበትና ኩላሊት መካከል ማየት ስለለመደ በግራም ጣፊያና ኩላሊት መካከል ብቻ ያይና ንጹሕ ነው ይላል። ደሙ ግን ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ተኝቷል። በቀኝ በኩልም ቢሆን የመጀመሪያው ጠብታ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሁሉም በሚያየው በስንጥቁ መሐል ሳይሆን ዝቅ ብሎ፣ በጉበቱ የታችኛው ጫፍ ዙሪያ ነው። ፕሮቡን አንድ ቦታ ተክሎ አንድ ፎቶ ማንሳት ምርመራ አይባልም።

ለመታየት ስንት ደም ያስፈልጋል? በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህን ለክቶታል። ለሌላ ምርመራ ሆዳቸው ውስጥ ፈሳሽ የሚገባላቸው 100 ሰዎች ላይ፣ ፈሳሹ እየገባ ሳለ የጉበትና የኩላሊቱን ስንጥቅ በአልትራሳውንድ ተከታተሉ። ጥቁሩ መስመር የታያቸው በአማካይ 619 ሚሊ ሊትር ከገባ በኋላ ነበር፤ ከ400 በታች ሆኖ ያዩት ከአሥር አንድ ብቻ ነው። ይህንን ከሌላ ቁጥር ጋር አስተያዩት። አንድ አዋቂ አምስት ሊትር ገደማ ደም አለው፤ እስከ 750 ሚሊ ሊትር ሲያጣ የደም ግፊቱ ብዙ ጊዜ አይወርድም። ስለዚህ ግፊቱ ደህና የሆነ፣ እያወራ ያለ፣ ስክሪኑ ላይም ምንም የማይታይበት ሰው ግማሽ ሊትር ደም ሆዱ ውስጥ ሊኖረው ይችላል። ማሽኑ አልዋሸም፤ ደሙ ገና አልሞላም።

አንድ ምሳሌ ደረጃ በደረጃ እንከተል። የአንድ አይሱዙ ረዳት ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በግጭት የግራ ጎኑን በሩ መታው እንበል። 3 ሰዓት ከ20 ላይ ሲመረመር ግፊቱ 118 በ70፣ የልብ ምቱ 96 ነው። በቀኝ በኩል ስንጥቁ ንጹሕ ነው። ከመመርመሩ በፊት ሽንቱን ስለሸና ፊኛው ባዶ ነው፤ የሞላ ፊኛ ድምፁን እንደ መስኮት ያሳልፍ ስለነበር አሁን ከዳሌው ውስጥ የሚታየው የአንጀት አየር ብቻ ሆኗል። በግራ በኩል ጣፊያና ኩላሊቱ መካከል ምንም የለም፤ የጣፊያው አናት ግን በጎድን አጥንት ጥላ ተሸፍኗል። መዝገቡ ላይ «ፈሳሽ አልታየም» ተብሎ ይጻፋል። ትክክል ነው፤ «የለም» ተብሎ ቢጻፍ ግን ስህተት በሆነ።

4 ሰዓት ተኩል ላይ የልብ ምቱ 122፣ ግፊቱ 98 በ60 ሆነ። የግራ ትከሻዬን አመመኝ ይላል፤ ትከሻው አልተመታም። በድያፍራሙ ሥር የተጠራቀመ ደም ድያፍራሙን ሲያስቆጣ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። በሁለተኛው ምርመራ ባለሙያው ፕሮቡን የያዘበት እጁ አልጋውን እስኪነካ ድረስ ወደ ጀርባ ያወርደዋል፣ ታማሚውን ትንፋሽ ሳብ አድርገህ ያዝ ይለዋል። ጣፊያው ከጎድን አጥንቱ ጥላ ወጥቶ ይታያል፤ በላዩም፣ ከነጩ የድያፍራም መስመር ሥር፣ እንደ ለጋ ጨረቃ የጎበጠ ጥቁር አለ። በቀኝ በኩል ደግሞ በጉበቱ የታችኛው ጫፍ ቀጭን ሽብልቅ ብቅ ብሏል። ግፊቱ እየወረደ ላለ እንዲህ ላለ ሰው ቀጣዩ ቦታ የቀዶ ጥገና ክፍል ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር ልጨምር። ቁስሉ አጠገብ ያለው ደም ይረጋል፤ የረጋ ደም ደግሞ ሞገዱን መመለስ ስለሚጀምር ጥቁርነቱን ያጣና ግራጫ ይሆናል። ጉበትን ስለሚመስል ዓይን ያልፈዋል። የጣፊያው ወይም የጉበቱ ጠርዝ የት እንዳለቀ የማይለይ ከሆነ፣ ግራጫው የተዘበራረቀ ከሆነ፣ ከጎኑ ቀጭን ጥቁር ክር ካለ መጠርጠር ይገባል።

«ጥቁር ታየ፣ አለቀለት» ለሚሉትም መልስ አለ። አልትራሳውንድ ደምን ከሌላ ፈሳሽ በቀለም አይለይም። በአገራችን በጉበት በሽታ፣ በሆድ ዕቃ ቲቢ ወይም በቢልሃርዚያ ምክንያት ከአደጋው በፊት ሆዱ ውኃ የቋጠረ ሰው ጥቂት አይደለም። በወር አበባ ዕድሜ ያለች ሴት ዳሌ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ መኖሩ ጤነኛ ነገር ነው። በኩላሊት ዙሪያ ያለ ስብም ጥቁር መስሎ ያታልላል፤ ስቡ ግን በሁለቱም ወገን ነጭ መስመር አለው፣ ታማሚው ሲገለበጥም አይንቀሳቀስም። በሌላ በኩል ደሙ ከሆድ ዕቃው ሽፋን ጀርባ፣ ለምሳሌ ከተሰበረ ዳሌ ወይም ከኩላሊት፣ የፈሰሰ ከሆነ ፋስት አያገኘውም። የተቀደደ አንጀትም መጀመሪያ ላይ ፈሳሽ ላያሳይ ይችላል።

ራዲዮሎጂስቶችና እኛ የድንገተኛ ክፍል ሰዎች የምንከራከረው በዚህ ላይ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን ግምገማ፣ በተደበደበ ወይም በተጨፈለቀ ደረትና ሆድ ላይ የአልጋ ዳር አልትራሳውንድ ጉዳት ካለባቸው 100 ሰዎች ወደ 74ቱን ብቻ እንደሚያገኝ አስልቷል፤ ጉዳት የሌለባቸውን ግን ከ100 ወደ 96ቱን በትክክል ይለያል። ሕፃናት ላይ ደግሞ ጉዳቱን የማግኘት ዕድሉ ያንሳል። ስሌቱ ፈሳሽ ያላስከተለ ጉዳትንም ስለሚቆጥር ፋስትን ባልተጠየቀው ጥያቄ ይፈትነዋል ብዬ እከራከራለሁ፤ ቢሆንም ቁጥሩን ልክድ አልችልም። ታማሚው ከተረጋጋና ጥርጣሬ ካለ ሲቲ ስካን ይቀድማል። ግፊቱ የወረደን ሰው ግን ወደ ሲቲ ክፍል መግፋት አደገኛ ነው፤ ፋስት ጥቅሙ የጎላው እዚያ ነው። አንባቢ ልብ ይበልልኝ፦ አዎንታዊው መልስ ጠንካራ፣ አሉታዊው ደካማ ነው።

ስለዚህ ከግጭት የወጣ ዘመድ ይዛችሁ ሆስፒታል ስትደርሱና የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ምንም አላሳየም ስትባሉ «ሁለተኛው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቆይ ከተባለ አስቆዩት። ቤት ከሄደም በኋላ ያልተመታ ትከሻው ካመመው፣ ሲነሳ ካዞረው ወይም ሆዱ ከተነፋ፣ እስኪነጋ ሳትጠብቁ መልሱት።