ተረትና እውነታ፦ ጠቅላላ ክብደቱ ካላለፈ ማን የትም ቢቀመጥ ችግር የለውም?

ስለ አውሮፕላን ጭነት በሰፊው የሚታመነው ነገር፣ ጠቅላላው ክብደት ከተፈቀደው እስካላለፈ ድረስ ማን የት እንደተቀመጠና ሻንጣው የት እንደገባ ለውጥ የለውም የሚል ነው። ይህ ስሌቱን ግማሽ መንገድ ላይ ማቆም ነው። ክብደቱ ብቻ ሳይሆን የክብደቱ ማዕከል የት ላይ እንዳረፈም ይለካል። ሴስና 172 የተባለችውን ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን እንውሰድ። ርቀቱ ሁሉ የሚለካው ሞተሩን ከካቢኑ ከሚለየው ግድግዳ ነው፦ የፊት መቀመጫ 94፣ ነዳጅ 122፣ የኋላ መቀመጫ 185፣ የሻንጣ ቦታ 241 ሴንቲ ሜትር ላይ ናቸው። እያንዳንዱ ክብደት በርቀቱ ይባዛል፤ ውጤቶቹ ተደምረው ለጠቅላላው ክብደት ሲካፈሉ የስበት ማዕከሉ ይገኛል። በአንዱ የዚህች አውሮፕላን ሞዴል ከፍተኛው የመነሻ ክብደት 1043 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ማዕከሉ ወደ ኋላ ከ120 ሴንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም።

ባዶዋ 660 ኪሎ ትመዝን፣ የራሷም ማዕከል 101 ላይ ይሁን እንበል። 65 ኪሎ ነዳጅ፣ 45 ኪሎ ሻንጣ፣ 85 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎችና 50 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች ሲጨመሩ ድምሩ 1040 ነው። ከባዶቹ ከፊት ቢቀመጡ ማዕከሉ 115 ላይ ያርፋል፤ ከኋላ ቢቀመጡ ግን ከ121 ያልፋል። አንድ ኪሎ እንኳ ሳይጨመር አውሮፕላኗ ከገደቧ ወጣች። ሻንጣውን ማስቀረት ወይም ቦታ መለዋወጥ ይመልሳታል።

ለመሆኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ምን ያመጣል? ማዕከሉ ወደ ኋላ በሸሸ ቁጥር ጅራቱ አፍንጫውን የሚያስተካክልበት ክንድ ያጥራል፤ አውሮፕላኑም ከተናወጠ በኋላ በራሱ ወደ ቦታው የመመለስ ጠባዩን ያጣል። ክንፉ ማንሳት ሲያቅተው አብራሪው አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ሊሳነው ይችላል። ወደ ፊት ሲበዛ ደግሞ በማረፊያ ጊዜ አፍንጫውን ማንሳት ይከብዳል፤ ከሁለቱ ግን የኋላው የበለጠ ያስፈራል። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ አየር መንገዶች ማዕከሉ በገደቡ ውስጥ ወደ ኋላ እንዲጠጋ መውደዳቸው አይግረማችሁ፤ ጅራቱ ወደ ታች የሚገፋው ስለሚቀንስ ነዳጅ ይቆጥባል።

«ይህ የትንንሾቹ ጣጣ ነው፤ በትልቅ አውሮፕላን አንድ ሰው ምን ይለውጣል?» የሚል አይጠፋም። አንድ ሰው ብዙም አይለውጥም፤ ግን መንገደኛ አንድ በአንድ ስለማይመዘን ስሌቱ በአማካይ ክብደት ይሠራል፤ አማካዩ ከተሳሳተ ስህተቱ በመንገደኛው ቁጥር ይባዛል። ጥር 2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሻርሎት ከተማ ቢችክራፍት 1900ዲ አውሮፕላን ሲነሳ ተከስክሶ የተሳፈሩት 21 ሰዎች በሙሉ አለቁ። መርማሪዎቹ ሁለት ነገር አገኙ፦ የጅራቱ መቆጣጠሪያ ገመድ በጥገና ወቅት በትክክል አልተስተካከለም፤ የስበት ማዕከሉም በወረቀት ላይ በገደቡ ውስጥ ቢሆንም በእውነት ከኋላው ገደብ በጣም አልፎ ነበር። ጥፋቱን ሁሉ ለጥገናው መስጠት ይቀላል፤ ነገር ግን የሪፖርቱ ቃል የማዕከሉ ወደ ኋላ መሸሽ ችግሩን አባብሶታል ይላል። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን መንገደኞችን አስመዝኖ፣ ለአንድ መንገደኛ የሚታሰበውን አማካይ ክብደት ከ4 ኪሎ በላይ ከፍ አደረገው።