ለምስክርነት የሚጻፍ የፈቃድ ደብዳቤ

«ፍርድ ቤት ጉዳይ ስላለብኝ የአንድ ቀን ፈቃድ እንዲሰጠኝ» የሚለው ማመልከቻ በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊውን ይጎዳዋል። ጉዳዩ የራሱ ክርክር ይሁን ምስክርነት አይለይም፤ አለቃውም ከዓመት ፈቃዱ ቢቀንስበት አይፈረድበትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 83 ለምስክርነት የሚቀርብ ሠራተኛ ከነደመወዙ ፈቃድ እንደሚያገኝ ይደነግጋል፤ የሚከፈለው ግን ለዚሁ ተግባር ለዋለው ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ የደብዳቤው ዋና ሥራ ጊዜውን በትክክል መለካት ነው።

አንድ የኮምቦልቻ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሐሙስ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ደሴ ለምስክርነት ተጠራ እንበል። በጉዳዩ መስመር ላይ «ለምስክርነት ፍርድ ቤት ለመቅረብ ፈቃድ ስለመጠየቅ» ብሎ ይጽፋል። ቀጥሎም የፍርድ ቤቱን ስም፣ የመዝገቡን ቁጥርና የቀጠሮውን ሰዓት ከመጥሪያው ላይ እንዳለ ይገለብጣል፤ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ደብዳቤውና አባሪው አይመሳከሩም። መጥሪያውን ፎቶ ኮፒ አድርጎ «አባሪ 1 ገጽ» ብሎ ያያይዛል፤ ዋናውን ግን ችሎት ሲሄድ ይዞት ስለሚቀርብ ለቢሮው አይሰጥም። በሁለቱ ከተሞች መካከል 25 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ አዋጁም ስለ መንገድ በስም አያነሳም። ስለዚህ «ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት ጀምሮ ችሎቱ እስኪያሰናብተኝና እስክመለስ» ብሎ የጉዞውን ጊዜ አስቀድሞ ቢያሰፍር በኋላ በሰዓት መቆጣጠሪያ ላይ ክርክር አይነሳም። ሊመሰክር ያለውን ነገር ግን አንድ ቃል እንኳ መጻፍ የለበትም፤ ያ ለችሎቱ የሚነገር ነው።

መብት ከሆነ ስለ ሥራው ማብራራት ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። ፈቃዱ በእርግጥ በተተኪ መገኘት ላይ የተመሠረተ አይደለም። ሆኖም ግምጃ ቤቱ ቁልፍ አለው፤ በዚያ ጠዋት ዕቃ የሚጠይቅ የምርት ክፍልም ይኖራል። «ለሐሙስ የተጠየቁትን ዕቃዎች ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አወጣለሁ፤ ቁልፉን ለረዳቴ በፊርማ አስረክባለሁ» የሚሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አለቃው ለመከልከል የሚያነሳውን ምክንያት አስቀድመው ይመልሳሉ፤ ዕቃ ቢጎድል ደግሞ ኃላፊነቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ያሳያሉ። ተተኪ ከሌለም እውነቱን መጻፍ ይሻላል፤ አለቃው ሰው የሚፈልግበት ጊዜ ያገኛል። መጥሪያው እንደደረሰ ማመልከት የሚገባውም ለዚህ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት የተራዘመ ቀጠሮን ነው። ችሎቱ ምስክሩን ሳይሰማ ለሌላ ቀን ቢቀጥር የመጀመሪያው ደብዳቤ ለሁለተኛው ቀን አያገለግልም። ስለዚህ ከግቢው ሳይወጣ ቀርቦ እንደነበረና አዲሱ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ የሚገልጽ ማረጋገጫ ከሬጅስትራር ይጠይቅ፤ ሁለተኛው ማመልከቻ ያንን አባሪ አድርጎ ይጻፋል።