ዘጠኝ ሰከንድ ለሁለተኛው ግጥሚያ

ሁለት ደቂቃ 120 ሰከንድ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚያሳየው የቴሌቪዥን አሠራር ሲሰላ 3,000 ፍሬም ይሆናል። ሠዓሊው እያንዳንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ቢያቆየው እንኳ 1,500 ሥዕል ይጠብቀዋል። ለሠሪው ይህ ተራራ ነው፤ ለተመልካቹ ግን ታክሲ እስኪሞላ ድረስ በስልክ የሚታይ ነገር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ክትባት ሰውነትን እንዴት እንደሚያሠለጥን ማስረዳት የሚፈልግ ቡድን መጀመሪያ የሚጣላው ከሥዕሉ ጋር ሳይሆን ከሰዓቱ ጋር ነው።

የመጀመሪያ ረቂቆች ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። ሃያ ሰከንድ ያህሉ በሽታው ምን ያህል አስከፊ እንደሆነ በመናገር ያልቃል። ከዚያ ጦርነቱ ይመጣል፤ ቀንድ ያበቀሉ ቫይረሶች፣ ጋሻ የያዙ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ፍንዳታ፣ ጭስ። ጦርነት ለመሣል ያስደስታል፤ ስለዚህም ሳይታወቅ ሃምሳ ሰከንድ ይበላል። ሰውነት ጠላቱን አስታውሶ የሚቆይ መሆኑ፣ ማለትም ፊልሙ የተሠራበት ዋና ጉዳይ፣ መጨረሻ ላይ በአምስት ወይም በስድስት ሰከንድ ተጨናንቆ ይገባል። እንዲህ ያለውን ረቂቅ ላየ ሰው “ቫይረሱን ማን ገደለው?” የሚል ጥያቄ ቢቀርብለት “መርፌው” ብሎ ሊመልስ ይችላል። መልሱ ስሕተት ነው፤ ጥፋቱ ግን የተመልካቹ አይደለም። ሰከንዶቹ የነገሩትን ነው የመለሰው። መርፌ ሲወጋ አይቷል፣ ወዲያው ጦርነት አይቷል፣ ድል አይቷል። ክትባቱ መድኃኒት መስሎታል።

ይህን ታሪክ በአኒሜሽን ለመንገር የተሞከረው ዛሬ አይደለም። የዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ በ1943 እ.ኤ.አ. ለላቲን አሜሪካ ተመልካቾች ስለ ክትባት አንድ ፊልም ሠርቶ ነበር። በዚያ ፊልም ሰውነት ከተማ ነው፤ የደም ሕዋሳቱም ሠራተኞች ናቸው፤ የተዳከመው ተህዋስ ሲገባባቸው ለእውነተኛው ወራሪ መሣሪያ መሥራት ይጀምራሉ። ፊልሙ ግን ከአሥር ደቂቃ በላይ ነበረው። ከተማውን ለማስተዋወቅ፣ ፋብሪካውን ለማስጎብኘት፣ ከዚያም ጠላት እስኪመጣ ለመጠበቅ ጊዜ ነበረው። የሁለት ደቂቃ ፊልም ይህን ሁሉ መቅዳት አይችልም፤ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው አለበት።

ለምሳሌ የኩፍኝ ክትባትን እንውሰድ። የሚሰጠው የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው፤ በኢትዮጵያ ሕፃናት በዘጠነኛ ወራቸው አንዱን፣ በአሥራ አምስተኛው ወር ሁለተኛውን ይወስዳሉ። እዚህ ላይ ስክሪፕት ጸሐፊዎች በቀላሉ የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። “መጀመሪያ ይማራል፣ ሁለተኛው መርፌ ያስታውሰዋል” ብሎ መጻፍ ለጆሮ ይጥማል። ለፔንታ ክትባት፣ ማለትም በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት ለሚሰጠው፣ አባባሉ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም፤ እየደጋገሙ ማሠልጠን ነውና። የኩፍኝ ሁለተኛ መርፌ ዋና ሥራ ግን ሌላ ነው። በዘጠኝ ወራቸው ከሚከተቡ 100 ሕፃናት መከላከያ የሚያዳብሩት 85 ያህሉ ናቸው፤ ሁለተኛው በዋናነት የሚሰጠው ለቀሩት ሌላ ዕድል ለመስጠት ነው። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ ሁለተኛው ግጥሚያ ከሁለተኛው መርፌ ጋር ሳይሆን ከእውነተኛው ቫይረስ ጋር መሆን አለበት።

አሁን ሰከንዶቹን ማከፋፈል ይቻላል። እናት ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ስትደርስ፣ ስሟ ሲጠራና ልጁ ከጀርባዋ ሲወርድ 12 ሰከንድ ይበቃል። መርፌው ክንድ ላይ አርፎ ካሜራው ወደ ውስጥ እስኪዘልቅ 8 ሰከንድ። ከዚያ የመጀመሪያው ግጥሚያ ይጀምራል፤ ለእሱ 42 ሰከንድ ይሰጠዋል፤ ከፊልሙ ሲሶ በላይ ማለት ነው።

ይህ ክፍል ረጅም የሚሆነው በውስጡ የሚከናወነው ነገር በእውነትም ቀርፋፋ ስለሆነ ነው። አንድ ዘበኛ ሕዋስ እንግዳውን ያገኘዋል። ይቆራርሰዋል። ቁራሹን እንደያዘ ብብት ሥር ወዳለው እጢ ይጓዛል፤ ሲያብጥ ሰዉ ንፍፊት የሚለው ዓይነት እጢ ነው። እዚያ እጅግ ብዙ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ፤ እያንዳንዱም የሚያውቀው አንድ መልክ ብቻ ነው። ዘበኛው ቁራሹን ለአንዱ ያሳያል፤ አይደለም። ለሌላው ያሳያል፤ አይደለም። ይህ ፍለጋ በአንድ ያልተቆረጠ ሾት ለ14 ሰከንድ ይቆያል፤ ካሜራው ብቻ በሰልፉ ላይ ቀስ ብሎ ያልፋል። ፍለጋው ተመልካቹን ትንሽ ሊያሰለቸው ይገባል። “አሁንስ መቼ ነው የሚያገኘው?” ባለ ቅጽበት ትክክለኛው ሕዋስ ቀና ይላል፤ ከዚያ ይባዛል፤ ልጆቹም ፀረ እንግዳ አካላትን መርጨት ይጀምራሉ። ባለሙያዎች እዚህ ላይ ቲ እና ቢ የሚባሉት ሕዋሳት ሥራ የተለያየ መሆኑን ሊያነሡ ይችላሉ፤ ልክ ናቸው። ሁለቱን ለየብቻ ማስተዋወቅ ግን ፍለጋውን ይገድለዋል፤ በሁለት ደቂቃ ፊልም ውስጥ በአንድ ገጸ ባሕርይ ቢጠቃለሉ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው 14 ሰከንድ አዘጋጆች መቁረጥ የሚወዱት ክፍል ነው፤ ጥበቃ። ፀሐይ ትወጣለች፣ ትገባለች፣ ደግማ ትወጣለች። ተራኪው ለአፍታ ዝም ይላል። በዚህ መሐል አንድ ሌሊት ልጁ ትንሽ ያተኩሰዋል፤ እናቱ ግንባሩን ትዳስሳለች፤ ጠዋት ላይ ይጫወታል። ይህ ለማስዋብ የገባ ሥዕል አይደለም። ከኩፍኝ ክትባት በኋላ አንዳንድ ሕፃናት የሚያተኩሳቸው በዕለቱ ሳይሆን ከሳምንት ገደማ በኋላ ነው፤ የተዳከመው ቫይረስ በሰውነት ውስጥ ሲባዛና ሰውነትም ምላሽ ሲሰጥ የሚከሠት ነው። ጥበቃው ከፊልሙ ቢወጣ እናቲቱ “ከሳምንት በኋላ ምን መጣበት?” ብላ የምትጠይቀው ጥያቄ መልስ ያጣል። ዝም ያለው ሰከንድ ከሚናገረው ይልቅ ያስረዳል።

ከዚያ 10 ሰከንድ ለትዝታ። ብዙዎቹ ሕዋሳት ይበተናሉ፤ ጥቂቶቹ የቫይረሱን ምስል እንደያዙ ይቀመጣሉ። ስድስት ሰከንድ ደግሞ ልጁ አድጎ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ አጠገቡ የተቀመጠ ልጅም ሲያስል።

ሁለተኛው ግጥሚያ 9 ሰከንድ ብቻ ነው።

ሥዕሎቹ የመጀመሪያዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ያው ዘበኛ፣ ያው መንገድ፣ ያው እጢ፣ ያው ሰልፍ፣ በያው ቅደም ተከተል። ልዩነቱ ዘበኛው ገና በሩ ላይ ሲደርስ ያ አንዱ ሕዋስ ቆሞ ሲጠብቀው ማየቱ ነው። አሥራ አራት ሰከንድ የፈጀው ፍለጋ አንድ ሰከንድ ተኩል ይወስዳል። ተራኪው “ሰውነት አሁን ፈጣን ሆኗል” ማለት አያስፈልገውም፤ ተመልካቹ ፍጥነቱን በራሱ ያየዋል። የትዕይንት ርዝመት እዚህ ላይ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ትምህርቱ ሆኗል። የመጀመሪያው 42፣ ሁለተኛው 9 መሆኑ ሰውነት መጀመሪያ ላይ ሳምንታት የፈጀበትን በኋላ በቀናት ከማድረሱ ጋር ይመሳሰላል፤ ልኬት ግን አይደለም። እንዲያውም በኩፍኝ ላይ የቀድሞዎቹ ፀረ እንግዳ አካላት በደም ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆዩ ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ ገና ከደጅ ይያዛል።

ይህ ስልት የሚሠራው ሥዕሎቹ በእርግጥ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ብቻ ነው። ለአንድ ሰከንድ ተኩል የታየ አዲስ ሥዕል ግርግር ነው፤ ዓይን የት እንደሚያርፍ ሳያውቅ ያልፋል። ለዚያው ያህል ጊዜ የታየ የሚታወቅ ሥዕል ግን ይበቃል። ሠዓሊው ሁለተኛውን ግጥሚያ ይበልጥ ለማሳመር ቀለሙን ወይም ማዕዘኑን ከቀየረው ተመልካቹ የሚያየው ድግግሞሽ ሳይሆን አዲስ ትዕይንት ይሆናል፤ ፍጥነቱም ችሎታ መሆኑ ይቀርና ጥድፊያ ይመስላል። በገንዘብ በኩልም ትርፍ አለው፤ የተሣለው ዳግም ይሠራበታል።

ድምፁ የራሱ ሒሳብ አለው። በእንግሊዝኛ ተራኪ በደቂቃ 150 ቃል ገደማ ያነባል፤ ለሁለት ደቂቃ 300 ማለት ነው። ይህን ቁጥር ወደ አማርኛ ስክሪፕት ማምጣት ግን ያሳስታል። አማርኛ አድራጊውን፣ ተደራጊውንና አሉታውን በአንድ ቃል ይሸከማል፤ “አላስተዋወቃቸውም” አንድ ቃል ነው፣ ግን አሥር ፊደል አለው። ቃል ከመቁጠር ፊደል መቁጠር ለእውነቱ ይቀርባል፤ ፊደሉ በአብዛኛው የድምፅ ክፍለ ቃል ነውና። ከዚያም የሚሻለው በሰዓት እያዩ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው፤ ከላይ የተባለው ጥበቃና ፍለጋ ዝም የሚልበት ጊዜ እንደሚፈልግ ሳይዘነጋ። ንባቡ 120 ሰከንድ ከሞላ ስክሪፕቱ ረዝሟል።

ድምፅና ሥዕል አብረው መሄዳቸውም የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሪቻርድ ሜየር እና ሪቻርድ አንደርሰን በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የብስክሌት ፓምፕ አሠራርን በአኒሜሽን አሳይተው ነበር። ማብራሪያውን ከሥዕሉ ጋር እኩል የሰሙት ተማሪዎች አስቀድመው ሰምተው ሥዕሉን ኋላ ካዩት ይልቅ ችግር በመፍታት በልጠው ተገኙ። የእኛ ተራኪ “ትክክለኛው ሕዋስ” ሲል ሕዋሱ ቀና ማለት አለበት። አኒሜተሮች እንዲያውም ሥዕሉን ከቃሉ ሁለት ፍሬም ያህል ማስቀደም ይወዳሉ፤ ያኔ ለጆሮም ለዓይንም የተገጣጠመ ይመስላል።

ይህ ሁሉ የሚፈተነው አንድም ነገር ሳይንቀሳቀስ ነው። ስቶሪቦርዱ ላይ ያሉት ሥዕሎች ከጊዜያዊ የድምፅ ቅጂ ጋር በየርዝመታቸው ተደርድረው አኒማቲክ ይሠራል። በዚህ ደረጃ ፍለጋውን ከ14 ወደ 11 ሰከንድ ማሳጠር የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ አኒሜሽኑ ካለቀ በኋላ ግን ያንኑ ሦስት ሰከንድ መቁረጥ 75 ፍሬም መጣል ነው፤ የተሣለበት ቀን አብሮ ይጣላል። አኒማቲኩ ከቡድኑ ውጭ ላሉ ሰዎች፣ ቢቻል ልጅ ለታቀፉ እናቶች፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይታያል። ያው ጥያቄ ይጠየቃል፦ ቫይረሱን ማን ገደለው? “መርፌው” የሚል መልስ ከመጣ ጊዜው የሚጨመረው ለፍለጋውና ለትዝታው ነው፤ የሚቀነሰውም ከመግቢያው። “ሰውነቱ፣ ያውቀው ነበርና” ከተባለ እጅ አይነካውም።

የቀረው 19 ሰከንድ ነው። ልጁ ከክፍል ወጥቶ ሲሮጥ ጥቂት ሰከንድ፤ ከዚያ በጽሑፍ “በ9 ወር እና በ15 ወር”። ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ቀስ ተብሎ እስኪነበብ ይቆያል፤ ተራኪውም የተጻፈውን እንጂ ሌላ ነገር አይናገርም፤ ዓይን አንዱን ጆሮ ሌላውን ሲከተል ሁለቱም ይጠፋሉና። የመጨረሻው ሁለት ሰከንድ ድምፅ የለውም። በስልክ ለሚያየው ሰው ቀጣዩ ቪዲዮ ገጹን ከመሸፈኑ በፊት “15” የሚለውን ቁጥር የሚያይባት ጊዜ ያቺ ናት።