ከቅንድቡ ጀምሩ

የእህቴ ልጅ 17 ዓመቷ ነው። ማታ የቤት ሥራዋን ስትጨርስ በስልኳ ፐብጂ ትጫወታለች። አብረዋት ከሚጫወቱት አብዛኞቹን በአካል አይታቸው አታውቅም፤ ስለዚህ ለፕሮፋይሏ የራሷን ፎቶ ማድረግ አልፈለገችም። ከኢንተርኔት የተገኘ የማንም ሥዕልም አላማራትም። «እኔን የሚመስል፣ ግን እኔ ያልሆነ» አለችኝ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ሰልፊ ተነሳችና ፎቶን ወደ ካርቱን የሚቀይር መተግበሪያ ውስጥ አስገባችው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ ዓይኗ የተለቀ፣ ቆዳዋ የለሰለሰ፣ ፀጉሯ የሚያብለጨልጭ የካርቱን ልጅ ወጣች። ወደደችው፣ ለጠፈችው። በሦስተኛው ቀን ከተጫዋቾቹ አንዱ የትምህርት ቤቷን ስም ጠርቶ «እዚያ ነው የምትማሪው አይደል?» ብሎ ጻፈላት።

ደንግጣ ወደ እኔ መጣች፤ ሥዕሉን አብረን አየነው። መተግበሪያው ፊቷን ካርቱን ሲያደርገው የሹራቧን ቀለምና በኮሌታዋ ላይ ያለውን መስመር እንዳለ ትቶታል። አዲስ አበባ ውስጥ ዩኒፎርም ለሚያውቀው ሰው አድራሻ ነው። «ፊቴስ?» አለችኝ። ያንኑ ሥዕል ደረቱን ቆርጠን ፊቱን ብቻ ለእናቷ ላክንላት፤ የማን እንደሆነ አልነገርናትም። ወዲያው ደወለች፦ «ምነው ልጄን እንዲህ አሻንጉሊት አደረጋችኋት?»

እናት ልጇን ማወቋ አይገርምም። ነገር ግን በምን አወቀቻት? ቆዳው የእሷ አይደለም፣ የዓይኑም መጠን የእሷ አይደለም። ይህን ጥያቄ ከመለስን በኋላ ነው ሥዕሉን እንደገና መሥራት የቻልነው።

እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎች የሚቀይሩት በአብዛኛው የፊትን ላይኛ ገጽታ ነው። ቀለሙን ያደምቃሉ፣ ጥላውን ያቀላሉ፣ ዳር ዳሩን በመስመር ይከባሉ። ዓይን ከዓይን ያለው ርቀት፣ የግንባሩ ስፋት፣ አፍንጫው ከከንፈሩ የሚርቅበት ልክ ግን ከሞላ ጎደል በቦታው ይቆያል። ፊት የሚለዩ የኮምፒውተር ሥርዓቶችም የሚመለከቱት ቀለሙን ብቻ አይደለም። የጉግል ተመራማሪዎች በ2015 ይፋ ያደረጉት ፌስኔት የተባለው ሥርዓት ለምሳሌ አንድን ፊት ወደ 128 ቁጥሮች ይለውጠዋል፤ ከዚያ የሁለት ፎቶዎች ቁጥሮች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ይለካል። ለውጡ ቀለል ያለ ከሆነ የካርቱኑና የእውነተኛው ፊት ቁጥሮች ተቀራርበው ሊገኙ ይችላሉ።

የሰው ዓይን ደግሞ ከዚህም በጥቂቱ ይበቃዋል። በ1973 የቤል ላቦራቶሪው ሊዮን ሃርመን የአብርሃም ሊንከንን ፊት በጥቂት ትልልቅ ግራጫ አራት ማዕዘኖች ብቻ አሳይቶ ነበር። ቀርቦ ለሚያየው የተደረደረ ካሬ ነው፤ ራቅ ብሎ ዓይኑን ጨፈን ለሚያደርግ ግን ሊንከን ራሱ ነው። ዝርዝሩ ቢጠፋም አጠቃላይ አቀማመጡ እስካለ ድረስ የምናውቀውን ሰው እናውቀዋለን። የፕሮፋይል ሥዕል በስልክ ላይ ከጥፍር ብዙም የማይበልጥ ክብ ውስጥ ነው የሚታየው። ትንሽነቱ ይደብቀናል ብለን እናስባለን፤ ሆኖም ዝርዝሩን ሸፍኖ አቀማመጡን ብቻ ስለሚያስቀር ለሚያውቀን ሰው በቂ ነው።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የቅንድብ ነገር ነው። በ2003 በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የታዋቂ ሰዎችን ፎቶ ወስደው ከአንዳንዶቹ ዓይናቸውን፣ ከሌሎቹ ቅንድባቸውን በኮምፒውተር አጠፉ። ተመልካቾች የበለጠ የተቸገሩት ቅንድብ የሌላቸውን ሲለዩ ነበር። ቅንድብ ጥቁር ነው፣ ከሩቅ ይታያል፣ ብርሃን ቢለዋወጥም ቅርጹ ብዙም አይለወጥም። የእህቴ ልጅ ቅንድቧ ወፍራምና መሐል ላይ ሊገጥም ጥቂት የቀረው ነው፤ አባቷም አያቷም እንዲሁ ናቸው። መተግበሪያው ዓይኗን ሁለት እጥፍ አሳድጎ ቅንድቧን ግን አልነካውም። እናቷ ያወቀቻት በዚያ እንደሆነ አልጠራጠርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልናገር። ፊትን ለመደበቅ ማጋነን ይሻላል የሚል ሐሳብ አለ፤ አፍንጫው ረዘም ከተባለ ረጅም ማድረግ፣ ጆሮው ትልቅ ከሆነ የባሰ መለጠጥ። ይህ የካሪካቸር ሠዓሊዎች ሙያ ነው፤ ውጤቱም ተቃራኒ ነው። በ1987 ጂሊያን ሮድስ፣ ሱዛን ብሬናንና ሱዛን ኬሪ ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የሚያውቋቸውን ሰዎች ከትክክለኛው የመስመር ሥዕል ይልቅ ከካሪካቸሩ ፈጥነው ለይተዋል። ካሪካቸር የሚሠራው የአንድን ሰው ፊት ከብዙዎች አማካይ ፊት ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን በማጉላት ነውና። ልዩነቱን ወደ አማካዩ ሲጎትቱት ደግሞ መለየቱ እየዘገየ ሄደ። ለእኛ የሚያስፈልገን ይሄኛው መንገድ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ሥዕል ከፎቶው አላወጣነውም። ፊትን ከተዘጋጁ ክፍሎች እየመረጡ የሚገጥሙበት መተግበሪያ ተጠቀምን፤ በአፕል ስልኮች ላይ ያለው ሜሞጂ የዚህ ዓይነት ነው፣ ቢትሞጂም ያለ ሰልፊ ይሠራል። ሰልፊው ከስልኳ አልወጣም፤ እንደ መስታወት ብቻ አየነው።

መጀመሪያ ሰልፊውን እያየን በወረቀት ላይ «ሰው አንቺን በምን ያውቅሻል?» ለሚለው መልስ ጻፍን። ቅንድቧ፣ ሰፊ ግንባሯ፣ የላይ ጥርሷ ፍንጭት፣ ከከንፈሯ በላይ ማርያም የሳመቻት ነጥብ። አራት ናቸው፤ ከዚያ በላይ አላገኘንም። ቀጥለን አራቱንም ወደ ተራው መለስናቸው። ቅንድቡን ቀጭን፣ ቀለል ያለ ቅስትና መሐሉ ክፍት አደረግነው። ግንባሩን በፀጉር ሸፈንነው። አፉን ዘግተን ፈገግ አስባልነው፤ ፍንጭቱ አብሮ ጠፋ። ነጥቧን ተውናት። እሷ ነጥቧን ወደ ሌላው ጉንጭ ላዛውረው ብላ ነበር፤ እኔ አልተስማማሁም። የካርቱን ፊት ላይ ነጥብ ማየት ብቻውን የሚያውቃትን ሰው ያስታውሰዋል፤ ብዙ ሰልፊዎችም እንደ መስታወት ተገልብጠው ስለሚቀመጡ የግራና የቀኝ ነገር ማንንም አያታልልም።

«ታዲያ ምኔ ቀረ?» አለች ቅር ብሏት። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ እሷን የሚመስል ነገር ነውና የፈለገችው። ከብዙ ሺህ ልጆች ጋር የምትጋራውን አስቀረንላት፦ የጠይም ቆዳዋን ቀለምና የከርዳዳ ፀጉሯን ዓይነት። ከዚያ ራሷ የመረጠቻቸውን ጨመርን፦ የምትወደውን ቢጫ ቀለም፣ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ፣ አንድ ዓይኗን ጠቀስ ያደረገችበትን ሁኔታ። ሹራብም ኮሌታም የለም። ኋላው አንድ ወጥ ቀለም ነው፤ መጋረጃ፣ መስኮት፣ የግድግዳ ሥዕል አይታይም።

በእጃቸው መሣል የሚችሉ ልጆች ሰልፊውን ከታች አድርገው በላዩ ላይ በሌላ ሌየር መስመሩን መከተል ይወዳሉ። አልመክርም፤ መስመሩን ከተከተሉ የፊቱን ልክ ሁሉ ገልብጠዋል ማለት ነው። ጎን ለጎን አስቀምጦ እያዩ መሣል ይሻላል። ሥራው ካለቀ በኋላም ሌየሮቹን የያዘው ፋይል ለማንም አይላክ፤ ሰልፊው ከሥር ተኝቶ ይጠብቃል። አንድ ላይ የተዋሃደውን ምስል ብቻ አውጥቶ መላክ ነው።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥዕል የሚያወጡት መተግበሪያዎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። በ2022 መጨረሻ በመላው ዓለም የተወራለት ሌንሳ ከተጠቃሚው ከ10 እስከ 20 ሰልፊዎች ይጠይቅ ነበር። ይህን ሁሉ የሚጠይቀው ፊቱን በደንብ ተምሮ፣ ሥዕሉ በጦር ልብስ ቢወጣ በመልአክ ክንፍ ያው ሰው እንዲሆን ነው። መምሰል ለሚፈልግ መልካም ነው፤ መደበቅ ለሚፈልግ ግን መሣሪያው የተሠራው ለሌላ ዓላማ ነው። በዚያ ላይ ፊቱ ገና ከመደበቁ በፊት ለድርጅቱ ኮምፒውተር ተሰጥቷል። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ከፎቶው ምን ያህል እንዲርቁ የሚወሰንበት ከ0 እስከ 1 የሚሄድ መለኪያ አላቸው። በ0.3 አካባቢ ፊቱ በቀላሉ ይለያል፤ ወደ 0.8 ሲጠጋ ማሽኑ አብዛኛውን ራሱ ይፈጥረዋል። እንዲህ ያለውን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ የሚጠቀም ሰው ፎቶውን ለሌላ አሳልፎ አይሰጥም።

ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ፈተንነው። ከተለያዩ ጨዋታዎች የወሰድናቸው አምስት ሥዕሎች ውስጥ ቀላቅለን፣ ስድስቱንም በፕሮፋይል መጠን አሳንሰን ለእናቷና ለታናሽ ወንድሟ አሳየናቸው። «ከእነዚህ ውስጥ የምታውቁት ሰው አለ?» ብቻ ነው ያልናቸው። «የትኛው የእሷ ነው?» ብሎ መጠየቅ መልሱን ግማሽ መንገድ መንገር ነው። እናቷ አንዷንም አልጠራችም። ወንድሟ ግን ቢጫውን አይቶ «ይቺ የእህቴን ማዳመጫ ነው ያደረገችው» አለ። ፊቱን ደብቀን ዕቃዋን ረስተናል። ማዳመጫው ተነሳ፣ በቦታው ኮፍያ ገባ፤ እንደዚያ ዓይነት ኮፍያ ኖሯት አያውቅም።

ይህ ሁሉ የሚሸፍነው ፊትን ብቻ መሆኑን ነገርኳት። በጨዋታው ማይክ ስታወራ ድምፅዋ የራሷ ነው፤ በጨዋታውና በቲክቶክ አንድ ዓይነት የተጠቃሚ ስም ካላት ሥዕሉ ምንም አልሠራም። ስሙን ቀየረችው።

አዲሱን ሥዕል ጨዋታው ላይም ቴሌግራሟ ላይም አደረገችው። እኔም ለማየት በራሴ ስልክ ፕሮፋይሏን ከፍቼ ሥዕሉን ወደ ጎን ገፋሁት። ያ የመጀመሪያው ካርቱን ከነሹራቡ ወጣ፤ ከእሱም ኋላ ባለፈው ዓመት ለልደቷ የተነሳችው ፎቶ አለ፣ ሻማው ሳይቀር። ቴሌግራም አዲስ ሥዕል ሲደረግ የቀድሞዎቹን አያጠፋም፤ ባለቤቱ እስኪሰርዛቸው ድረስ ፕሮፋይሉን ማየት የተፈቀደለት ሁሉ ያያቸዋል። እናንተም አዲሱን ከመለጠፋችሁ በፊት አሮጌዎቹን አንድ በአንድ ሰርዙ።