ሰነዱ ሳይመጣ የመጣ ሥራ፦ ስለ ተርጓሚው መልስ ተረትና እውነታ

በዋሽንግተን ያለ አንድ የጠበቃ ቢሮ አዲስ አበባ ለሚሠራ ተርጓሚ ኢሜይል ላከ እንበል። ጊዜው የበጋ ሰዓት አቆጣጠራቸው የሚሠራበት ወቅት ስለሆነ ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። እነሱ ቢሮ ሲከፍቱ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የጻፉት መልእክት ለተርጓሚው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደረሰው። የአንድ ደንበኛቸውን የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እንዲተረጉምላቸው ይጠይቃሉ፤ ሰነዶቹ መያያዛቸውን ይገልጻሉ፤ ትርጉሙንም በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይፈልጉታል። ከመልእክቱ ጋር ግን ምንም ሰነድ የለም።

ይህ በየጊዜው የሚያጋጥም ነገር ነው። ተርጓሚዎች በዚህ ጊዜ የሚያደርጉት ብዙው ነገር ከልማድ የመጣ ነው፤ ልማዱም ብዙ ጊዜ ይጎዳቸዋል።

ተረት፦ ላኪው ረስቶ ነው፤ ሲያስታውስ ይልከዋል፤ መጎትጎት ነውር ነው።

እውነታ፦ ላኪው የላከ መስሎታል። ስለዚህ የሚያስታውሰው ነገር የለም። የእናንተን ዝምታ የሚተረጉመውም «ሥራው ተጀምሯል» ብሎ ነው።

ከላይ ያለውን ጉዳይ በሰዓት እንየው። ተርጓሚው 10 ሰዓት ላይ ወዲያው ቢጽፍ የዋሽንግተኑ ቢሮ ገና ከፍቷል፤ በእኛ አቆጣጠር እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስም ሰው አለ። «ነገ ይደርሳል» ብሎ አድሮ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቢጽፍ ግን እዚያ ገና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ቢሮው ተከፍቶ መልእክቱ የሚነበበው በእኛ 10 ሰዓት ላይ ነው፤ ያ ደግሞ ትርጉሙ መድረስ የነበረበት ሰዓት ራሱ ነው። በይሉኝታ የባከነው አንድ ሌሊት ሥራውን በሙሉ ወሰደው ማለት ነው። ፈጥኖ መጠየቅ ደንበኛን ማክበር ነው።

ተረት፦ ፋይሉ ካልታየኝ አልተላከም ማለት ነው።

እውነታ፦ ከመጻፋችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ፈልጉ። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ማያያዝ ስለማይፈቅድ ትልቅ ስካን ወደ ድራይቭ ይሄድና በመልእክቱ ውስጥ ሊንክ ብቻ ይቀራል። ሊንኩን ስትከፍቱ `Request access` የሚል ከመጣ ሰነዱ አለ፣ የጎደለው ፈቃዱ ነው። ከአውትሉክ የተላከ መልእክት ደግሞ አንዳንዴ ፋይሉን `winmail.dat` በሚባል ነገር ውስጥ ጠቅልሎ ያመጣዋል፤ በብዙ ስልኮችና ኮምፒውተሮች አይከፈትም። በስልክ ያልታየ ነገር በኮምፒውተር ሊታይ ይችላል። ስፓም ውስጥም፣ በመልእክቱ ሥር ባለው የቀድሞ ልውውጥም እዩ።

ይህ ፍለጋ መልሳችሁን ይለውጠዋል። «ፋይሉ አልደረሰኝም» ስትሉት ላኪው ያንኑ ፋይል በዚያው መንገድ ደግሞ ይልክና ያው ችግር ይደገማል። «ሊንኩ ደርሶኛል፤ የመክፈት ፈቃድ ግን ይጠይቀኛል» ስትሉት በአንድ ጊዜ ያስተካክለዋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ የማታውቁት ሰው የላከው ሊንክ የኢሜይላችሁን የይለፍ ቃል እንድታስገቡ ቢጠይቅ አታስገቡ፤ ሰነዱን በፒዲኤፍ አያይዞ እንዲልክ ጠይቁት።

ተረት፦ የልደት ምስክር ወረቀት ሁሉም አንድ ነው፤ በኢሜይሉ ከተጻፈው ተነስቼ መጀመር እችላለሁ።

እውነታ፦ ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በሌላ ቋንቋ ከተጻፈ ሰነድ ጋር ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይፈልጋል፤ ተርጓሚውም ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ ራሱም ለመተርጎም ብቁ መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ያላዩትን ሰነድ «የተሟላ ነው» ብሎ መፈረም አይቻልም።

ዝርዝሩም ያሳስታል። ኢሜይሉ «በ1988 የተወለደች» ቢል፣ የእኛ 1988 በእነሱ አቆጣጠር ከመስከረም 1995 እስከ መስከረም 1996 ስለሚዘልቅ ዓመቱን እንኳ መወሰን አይቻልም። ሰነዱ ላይ ሚያዝያ 3 ቀን 1988 ተብሎ ሲነበብ ብቻ ነው ኤፕሪል 11 ቀን 1996 ማለት የሚቻለው። ጸሐፊው ቀድሞ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጦት ከሆነ ደግሞ 1988 ሌላ ዓመት ነው፤ እናንተ ዳግመኛ ስትለውጡት ሴትዮዋ የሌላት ዕድሜ ይሰጣታል። የማረጋገጫ ማኅተሞችም ብዙ ጊዜ የሚመቱት ከወረቀቱ ጀርባ ነው፤ ኢሜይሉ ስለ እነሱ ምንም አይልም፣ ትርጉሙ ውስጥ ግን መግባት አለባቸው። ከዚህ በፊት የሠራችሁትን ቅጽ አዘጋጅታችሁ መጠበቅ ትችላላችሁ፤ ከሰነዱ ብቻ የሚገኘውን ግን በግምት አትሙሉት።

ተረት፦ ቀነ ገደቡና ዋጋው አንዴ ተነግሯል፤ ፋይሉ ዘግይቶ ቢመጣም ያው ነው።

እውነታ፦ ያው የሚሆነው እናንተ ዝም ካላችሁ ነው። የማስረከቢያው ጊዜ ሰነዱ ከደረሰበት ሰዓት ጋር መታሰሩን በመጀመሪያው መልሳችሁ ጻፉት፤ ሰነዱ ከመጣ በኋላ ብትሉት ሰበብ ይመስላል። ዋጋም እንደዚሁ ነው። «ሁለት ገጽ» የተባለው በእጅ ተጽፎ ቀለሙ የደበዘዘ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ዋጋ ካዩት በኋላ አረጋግጡ። ሰዓት ስትጽፉ ደግሞ የሁለቱንም ከተማ አቆጣጠር አስቀምጡ። የእኛ 3 ሰዓት ለእነሱ ሌላ ሰዓት ነው።

ተረት፦ መልሱ በይቅርታና በማብራሪያ የተሞላ መሆን አለበት።

እውነታ፦ አጭር ይሁን፤ ወቀሳም ልመናም አይኑርበት። አራት ነገር ይበቃዋል፦ ምን ደረሰ፣ ምን አልደረሰም፣ ምን ይላክ፣ መቼ ይደርሳል። ላኪው አማርኛ የሚያነብ ከሆነ ለምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፦

«ጤና ይስጥልኝ። መልእክትዎ ደርሶኛል፤ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶቹ ግን አብረው አልመጡም። ስፓም ውስጥም ፈልጌ አላገኘኋቸውም። እባክዎ የሁለቱንም የፊትና የጀርባ ገጽ፣ ማኅተሙ እንዲነበብ አድርገው በፒዲኤፍ ይላኩልኝ። ስሞቹ በፓስፖርት ላይ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደተጻፉም ይግለጹልኝ። ዛሬ በአዲስ አበባ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ ማለትም በእርስዎ ከቀትር በኋላ እስከ 2፡00 ድረስ ከደረሱኝ፣ ነገ ባሉኝ ሰዓት አስረክባለሁ። ከዚያ ካለፈ አዲሱን የማስረከቢያ ሰዓት ሰነዶቹን እንዳየሁ እነግርዎታለሁ። ዋጋውንም ያን ጊዜ አረጋግጣለሁ።»

«አልላኩልኝም» ሳይሆን «አብረው አልመጡም» መባሉን ልብ በሉ። ጥፋቱ የላኪውም የመሥመሩም ሊሆን ስለሚችል ዓረፍተ ነገሩ ማንንም አይከስም። የፓስፖርቱን አጻጻፍ አሁኑኑ መጠየቅም ሌላ ዙር ልውውጥ ያስቀራል፤ በትርጉሙ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ባይገጥም ባለጉዳይዋ ጥያቄ ይነሳባታል።

ቢሮው ከመዘጋቱ በፊት መልስ ካልመጣ ስልክ ደውሉ ወይም አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ሰነዶቹ እስካሁን አልደረሱኝም፤ ሥራውም አልተጀመረም።» ሁለተኛው ሐረግ የግድ ያስፈልጋል። በሌላው ጫፍ ያለችው ባለጉዳይ ወረቀቷ እየተተረጎመ መስሏት እንዳትጠብቅ የሚያደርገው እሱ ነው። እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሳችሁ ነገ አትበሉ፤ ፈልጋችሁ ካጣችሁ በዚያው ሰዓት ጻፉ።