ደመወዝ የሚጠይቅ ኢሜይል

አንዲት የሂሳብ ባለሙያ አዲስ አበባ ውስጥ ቃለ መጠይቅ አልፋ በወር 30,000 ብር ያልተጣራ ደመወዝ ቀረበላት እንበል። የሥራ ግብሩ 8,450፣ ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ደግሞ 2,100 ብር ነው። እጇ የሚገባው 19,450 ይሆናል። እሷ ግን ከ22,000 በታች መሥራት አትፈልግም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና እዚህ ላይ ነው። የጎደለው 2,550 ብር ስለሆነ ይህንኑ ጨምሩልኝ ብሎ ይጽፋል። በዚህ የደመወዝ ደረጃ ግን ከእያንዳንዱ ተጨማሪ 100 ብር ላይ 35 ብር ለግብር፣ 7 ብር ለጡረታ ይሄዳል። ስለዚህ 22,000 ለማግኘት ወደ 35,000 ያልተጣራ መጠየቅ አለባት፤ የተጣራው 22,350 ይመጣል። ኢሜይሉ ላይም «ያልተጣራ» የሚለው ቃል በግልጽ መስፈር አለበት። አለዚያ እሷ ስለ አንድ ቁጥር፣ አሠሪው ስለ ሌላ ሲያወሩ ይከርማሉ።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ አጻጻፉ ይመጣል። «35,000 ካልከፈላችሁኝ አልጀምርም፤ እስከ ዓርብ አሳውቁኝ» ብትል አሠሪው እሺ ወይም እምቢ ከማለት ሌላ መንገድ አያገኝም። ከሁለቱ ደግሞ እምቢ ማለቱ ይቀልለዋል። «ካስቸገርኩ ይቅርታ፣ ከተቻለ ትንሽ ብታስተካክሉልኝ» ማለትም አይጠቅማትም። «ትንሽ» ስላለች 500 ብር ተጨምሮላት ጉዳዩ ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ ቅር ብትሰኝ እንኳ የጠየቀችው ተፈጽሞላታል።

የሚሻለው እንዲህ ያለው ነው፦

«ለቦታው ስለመረጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከእናንተ ጋር ለመሥራት ፍላጎት አለኝ። የቀረበልኝን ደመወዝ ተመልክቼዋለሁ። ላለፉት ስድስት ዓመታት በአስመጪ ድርጅት ውስጥ የዓመቱን ሂሳብ ዘግቼ ለውጭ ኦዲተር የማስረክበው እኔ ነበርኩ። ይህን ከግምት በማስገባት ያልተጣራ ደመወዙ 35,000 ብር ቢሆን እጠይቃለሁ። በሚመችዎ ሰዓት በስልክ ብንነጋገርበት ደስ ይለኛል።»

ኢሜይሉ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የያዘው። «ከ32 እስከ 35 ሺህ» ብትል ኖሮ አሠሪው 32ን ይይዛል። ምክንያቷም ሥራዋ እንጂ የቤት ኪራይዋ አይደለም። ኪራይ መወደዱ እውነት ቢሆንም የሰው ሀብት ኃላፊው በጀት ለማስፈቀድ ለአለቃው የሚያቀርበው መከራከሪያ አይሆነውም፤ ስድስት ዓመት ሂሳብ መዝጋቷ ግን ይሆነዋል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርም በሩን ክፍት ይተዋል። አሠሪው 33,000 እና የትራንስፖርት አበል ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ሌላ ቦታ የሥራ ዕድል ካላት መጥቀሱ ነውር የለውም፤ «ሌላ ጥያቄም ቀርቦልኛል፣ ምርጫዬ ግን እናንተ ናችሁ» ማለት ይበቃል። የሌለ ዕድል መፍጠር ግን አይገባም። «እንግዲያው እዚያው ይቅናሽ» ከተባለች መመለሻ የላትም።

ስምምነቱ በስልክ ካለቀም ቁጥሩ በጽሑፍ እስኪደርስዎ ድረስ አሁን ላሉበት መሥሪያ ቤት የመልቀቂያ ደብዳቤ አያስገቡ።